ከሌክቸር ደብተር ወደ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ፦ አራቱ የቲቢ መድኃኒቶች

(ባሕር ዳር ውስጥ ለሕክምና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል)

ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማነሣው ስለ አራት መድኃኒቶች ብቻ ነው፤ ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፓይራዚናማይድ እና ኢታምቡቶል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የሚጀመርባቸው መድኃኒቶች እነዚህ ናቸው። አራቱን የመረጥኩት በዚህ ከተማ ሆስፒታሎች ከምትገቡበት የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ ስለምታገኟቸው ነው። በሕክምና ካርዱ ላይ 2RHZE/4RH ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ። ሁለት ወር አራቱም አብረው ይሰጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ ብቻ ይቀጥላሉ ማለት ነው።

እስቲ የፋርማኮሎጂ ደብተራችሁን አስቡት። መምህሩ ሪፋምፒሲንን አንሥቶ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት ከአንጀት እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣ፣ ለምን እንደሚሰጥ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱን፣ መሰጠት የሌለበትን ሰው አስተምሯል። ቀጥሎ አይሶኒያዚድን በእነዚያው ርእሶች፣ ከዚያ ፓይራዚናማይድን፣ በመጨረሻም ኢታምቡቶልን። ደብተሩ በመድኃኒት ስም የተደረደረ ነው። ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አደራደር አላውቅም፤ በመምህሮቻችሁ ላይ ቅሬታ የለኝም። ችግሩ የሚመጣው ሕመምተኛው ፊት ስትቀርቡ ነው። ሕመምተኛው የሚመጣው በመድኃኒት ስም ተደርድሮ አይደለም፤ ቅሬታውን ይዞ ነው የሚመጣው።

አንድ ሕመምተኛ እናስብ። በዘጌ ቡና እየለቀሙ የሚኖሩ አንዲት እናት ሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶባቸው አራቱን መድኃኒቶች ጀምረዋል፤ አሁን ሁለተኛው ወር እየተጋመሰ ነው። ክብደታቸው 50 ኪሎ ግራም ነው። የኩላሊታቸው ሥራ ትንሽ የደከመ መሆኑ በመዝገባቸው ላይ ተጽፏል። ክሊኒክ ገብተው አጠገባችሁ ተቀምጠው እንዲህ ይሏችኋል፦ «ልጄ፣ ሳሉ ተሻለኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እኔ እንጃ፣ ሰሞኑን ቀዩን ቡና ከአረንጓዴው መለየት አቅቶኛል፤ ያልበሰለውን እየለቀምኩ ሰው ተቆጣኝ።»

ከአራቱ የትኛው ነው? ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሆኖም ይህን ሰዎች ቆመው በሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ ለመመለስ አራት ገጽ በአእምሯችሁ መግለጥ ካስፈለጋችሁ ዕውቀቱ በቦታው የለም። ሰንጠረዥ የምንሠራው ይህን ጥያቄ ከቅሬታው ተነሥተን እንድንመልስ ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ ደብተሩን ማሳጠሪያ ሳይሆን መገልበጫ መሆን አለበት፤ አጠር ያለ ደብተር ብቻ ከሆነ ያው የመድኃኒት ዝርዝር ነው።

ሥራው የሚጀምረው በመሰረዝ ነው። አራቱን ገጾች ጎን ለጎን ዘርጉና በሁሉም ላይ የሚደጋገመውን ፈልጉ። ማቅለሽለሽ በአራቱም አለ። የቆዳ ሽፍታም እንዲሁ። እነዚህ በሰንጠረዡ ውስጥ አራት ጊዜ ከተጻፉ አራት ክፍል ይይዛሉ፤ የሚለዩት ግን ምንም የለም። ሕመምተኛው «ያቅለሸልሸኛል» ካለ ከአራቱ የትኛው እንደሆነ በቅሬታው ብቻ ልታውቁ አትችሉም። ስለዚህ የጋራው ሁሉ ከሰንጠረዡ በላይ በአንዲት መስመር ይጻፋል፦ አራቱም ሊያቅለሸልሹና ሽፍታ ሊያመጡ ይችላሉ። አለቀ። በዚህ ብቻ ከደብተራችሁ ብዙ መስመር ይቀንሳል።

ቀጥሎ ዓምዶቹን መምረጥ ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎች የደብተሩን ርእሶች ወስደው ዓምድ ሲያደርጓቸው አያለሁ፤ የአሠራር ዘዴ፣ ከሰውነት አወጣጥ፣ ጥቅም፣ የጎንዮሽ ጉዳት። «የጎንዮሽ ጉዳት» የሚል አንድ ዓምድ ከተደረገ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ስድስትና ሰባት ቃል ይታጨቅበታል፤ ያኔ ዓይናችሁ ከላይ ወደ ታች ወርዶ ማነጻጸር አይችልም። እኔ የምመክራችሁ ዓምዱን ጥያቄ አድርጋችሁ እንድትጽፉት ነው፦ «ሕመምተኛው ምን ይላል?» «የትኛው አካል ነው የተነካው?» «ጉበት ይጎዳል ወይ?» ጥያቄ የሆነ ዓምድ አንድ አጭር መልስ ብቻ ይቀበላል። መልሱ ከአራት ወይም ከአምስት ቃል ከበለጠ ጥያቄው ሁለት ጥያቄ ነውና ለሁለት ክፈሉት።

የአሠራር ዘዴውስ? ለፈተና ያስፈልጋልና ለብቻው ሌላ ትንሽ ሰንጠረዥ ይሠራለት። ሪፋምፒሲን የባክቴሪያውን የአር ኤን ኤ ሥራ ያግዳል፤ አይሶኒያዚድና ኢታምቡቶል የባክቴሪያውን ግድግዳ ሥራ በተለያየ ቦታ ያግዳሉ። ዛሬ በዚያ አላቆያችሁም።

አሁን ክፍሎቹን መሙላት ጀመርን እንበል። ሁሉም በቀላሉ ይሄዳል፤ እስከ አንድ ቦታ ድረስ። ወደ ጉበት ዓምድ ስትመጡ ሪፋምፒሲን ይጎዳል፣ አይሶኒያዚድ ይጎዳል፣ ፓይራዚናማይድም ይጎዳል፤ እንዲያውም ከሦስቱ ጉበትን አብዝቶ የሚጎዳው እሱ ነው። በኢታምቡቶል ገጽ ላይ ግን ስለ ጉበት የተጻፈ የለም። ተማሪው ምን ያደርጋል? ክፍሉን ባዶ ይተወዋል።

ይህ ባዶ ክፍል በጣም ያሳስበኛል። ባዶ ክፍል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ «ጉዳቱ የለም» ወይም «መምህሩ አልነገረንም»። ደብተሩን በጻፋችሁበት ሳምንት ልዩነቱን ታስታውሱ ይሆናል። ከወር በኋላ ሁለቱም አንድ መልክ ይይዛሉ፤ ያልተነገራችሁን «የለም» ብላችሁ ታምናላችሁ። ስለዚህ በሰንጠረዥ ውስጥ ባዶ ክፍል ፈጽሞ አይኑር። ያላረጋገጣችሁት ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ፤ ከመማሪያ መጽሐፍ አይታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ «አይጎዳም» ብላችሁ በቃል ጻፉ። ኢታምቡቶልን በተመለከተ መጽሐፉን ስታዩ በተለምዶ ጉበትን እንደማይጎዳ ታገኛላችሁ። ይህች «አይጎዳም» የምትል ቃል በደብተራችሁ ውስጥ የሌለች፣ ሰንጠረዡ ራሱ እንድትፈልጓት ያስገደዳችሁ ዕውቀት ናት። አንድ ሕመምተኛ በሦስተኛው ሳምንት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ቢመጣ ሦስቱን ትጠረጥራላችሁ፤ አራተኛውን ግን አትጠረጥሩም። ያን ያስተማረችን ባዶ ልትቀር የነበረችው ክፍል ናት።

ማስታወሻ ቃል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኒሞኒክ የምትሉትን ማለቴ ነው። አብዛኛው ተማሪ በዚያ ይጀምራል፤ ከትልልቅ ተማሪዎች የተቀበለውን የእንግሊዝኛ ዝርዝር ይሸመድዳል፤ ሰንጠረዡን ይሞላበታል። እኔ በመጨረሻ እንዲመጣ የምፈልገው ለየትኛው ክፍል ማስታወሻ ቃል እንደሚያስፈልግ የሚነግራችሁ የተሞላው ሰንጠረዥ ስለሆነ ነው። በጉበት ዓምድ ሦስቱ ይጎዳሉ፣ አንዱ አይጎዳም። ለሦስቱ ሦስት ማስታወሻ ቃል መሥራት ድካም ነው። ለተለየው ለአንዱ፣ ዓይንን ለሚነካው ለኢታምቡቶል፣ አንድ ይበቃል፦ «የዓይኑ መድኃኒት ጉበት አያውቅም»። ሦስቱ ራሳቸው ይከተላሉ።

ለቅሬታው ዓምድ ግን አራቱም ይለያያሉና አራት ቃል ያስፈልገናል። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰንጠረዥ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ።

በእንግሊዝኛ የተለመደው ዘዴ የመድኃኒቱን የመጀመሪያ ፊደል መያዝ ነው፤ ኢታምቡቶል በኢ ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛ ዓይን የሚለው ቃልም በዚያው ፊደል ይጀምራል። በላቲን ፊደል ለሚያነብ ሰው ጥሩ ነው። በአማርኛ ለምታስቡ ለእናንተ ግን ወጥመድ አለበት። «አይሶኒያዚድ» ብላችሁ ስትጠሩ በጆሯችሁ መጀመሪያ የሚገባው «አይ» ነው። ዓይን ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ ይገጥማል። በፈተና ጭንቀት ውስጥ ያለ ተማሪ የዓይኑን ጉዳት ለአይሶኒያዚድ ይሰጠዋል፤ ስሙ ራሱ ወደዚያ ይስበዋልና። ስለዚህ የምንሠራው ማስታወሻ ቃል ትክክለኛውን ማሳየት ብቻ ሳይሆን ከዚህ መሳብ ማስጣል አለበት።

ለኢታምቡቶል ምን እንስጠው? አንድ ተማሪ «አይታየኝም» የሚል ቃል ሠርቶ አሳይቶኝ ነበር። ታ እና ም ከ«ኢታም» ጋር ይገጥማሉ፣ ትርጉሙም ወደ ዓይን ይወስዳል። ይሁን እንጂ ቃሉ በ«አይ» ይጀምራል፤ እንደገና ወደ አይሶኒያዚድ ይመልሰናል። ሌላም ጉድለት አለው። የኢታምቡቶል ጉዳት ሲጀምር ሕመምተኛው «አይታየኝም» አይልም። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደናገረው ቀለም ነው፤ በተለይ ቀይና አረንጓዴ። ዓይን እስኪጨልም የሚጠብቅ ሐኪም ዘግይቷል። ስለዚህ ቃሉን ጣልነውና ሌላ ፈለግን፦ «ቀለም ተምታታብኝ»። አሁን ስሙን በቀስታ በሉት፤ ኢ-ታም-ቡቶል። ትም፣ ት፣ ብ። ተ-ም-ታ-ታ-ብኝ። እነዚህ የስሙ ድምፆች ቃሉ ውስጥ አሉ፤ የቃሉ ትርጉምም ሕመምተኛው የሚናገረው ቅሬታ ነው፤ ከሌላው መድኃኒት ጋር የሚያገናኝ ድምፅም የለውም።

የፓይራዚናማይድም እንዲሁ ነው። ይህ መድኃኒት በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድን ስለሚጨምር መገጣጠሚያን ያሳምማል። በአማርኛ ወዲያው ወደ አፍ የሚመጣው «ሪህ» ነው፤ ትርጉሙም ይቀራረባል። ግን በሪ የሚጀምረው መድኃኒት የቱ ነው? ሪፋምፒሲን። ሪህ የምትል ቃል ከሰንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍ ጋር ትጣበቃለች፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተማሪው «ሪፋምፒሲን ሪህ ያመጣል» ብሎ ይጽፋል፣ ያለ ጥርጥር ይጽፋል። ለዚህ ነው ቃሉን ከራሱ ረድፍ ጋር ብቻ ማየት የማይበቃው። ቃሉን ይዛችሁ በሌሎቹ ሦስት ስሞች ላይ ሞክሩት፤ ከአንዱም ጋር የማይገጥም ሲሆን ብቻ ተቀበሉት። በሪህ ፋንታ የስሙን መሐል እንስማ፦ ፓይ-ራ-ዚና-ማ-ይድ። ራ፣ ማ፣ ድ በዚሁ ቅደም ተከተል፦ «መራመድ አቃተኝ»። ጉልበቱ የታመመ ሰው የሚለው ነው። ከሌሎቹ ሦስት ስሞች አንዱም ራ፣ ማ፣ ድ በዚህ ቅደም ተከተል የለውም።

አይሶኒያዚድ ነርቭን ነው የሚነካው፤ የእግር ጣት ላይ ጀምሮ መደንዘዝና ማቃጠል። «ኒያዚድ» የሚለው ክፍል ን፣ ዝ እና ድ አለው፤ «ደነዘዘ» ውስጥም ሦስቱም አሉ። ከአራቱ ይህን ደካማው እለዋለሁ፤ ምክንያቱም ፓይራዚናማይድም ዝ እና ን አለው። የሚለየው በቅደም ተከተል ነው፤ አይሶኒያዚድ ላይ ን ትቀድማለች፣ ደነዘዘ ላይም እንዲሁ፤ ፓይራዚናማይድ ላይ ዝ ትቀድማለች። ከዚህ የተሻለ ያገኘ ተማሪ ካለ በደስታ እቀበለዋለሁ። እስከዚያው በዚህ ረድፍ ላይ አንድ ማጠናከሪያ ጨምሩበት፤ መደንዘዙን የሚከላከለው ቫይታሚን ቢ6 ማለትም ፒሪዶክሲን ነው፤ በቀን ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም ይሰጣል። በተለይ ለነፍሰ ጡር፣ ለስኳር ሕመምተኛ፣ ኤች አይ ቪ ላለበት፣ ለተጎሳቆለ ሰው። ቫይታሚን አብሮት የሚታዘዘው ከአራቱ ለእሱ ብቻ ስለሆነ ረድፉን ይለየዋል።

ሪፋምፒሲን ቀላል ነው። ሽንትን፣ ላብን፣ እንባን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ «ፋም» ስትሉ ፋንታን አስቡ። የፋንታ ቀለም የማያውቅ የለም።

ሰንጠረዡ እንግዲህ ይህን ይመስላል።

| መድኃኒት | ሕመምተኛው ምን ይላል? | ምን ተነካ? | ጉበት ይጎዳል? | ማስታወሻ ቃል |
|---|---|---|---|---|
| ሪፋምፒሲን | «ሽንቴ ቀላ» | ምንም፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው | አዎ | ፋም፦ ፋንታ |
| አይሶኒያዚድ | «እግሬ ደነዘዘ፣ ያቃጥለኛል» | የእጅና የእግር ነርቭ | አዎ | ኒያዚድ፦ ደነዘዘ |
| ፓይራዚናማይድ | «ጉልበቴን አመመኝ» | መገጣጠሚያ | አዎ፣ ከሁሉም አብዝቶ | ራ-ማ-ድ፦ መራመድ አቃተኝ |
| ኢታምቡቶል | «ቀይና አረንጓዴ ጠፋኝ» | የዓይን ነርቭ | በተለምዶ አይጎዳም | ታምቡቶ፦ ተምታታብኝ |

ሁለተኛውን ዓምድ ተመልከቱ። በሕመምተኛው አፍ ነው የተጻፈው። ደብተራችሁ «የዓይን ነርቭ ብግነት» ይላል፤ የዘጌዋ እናት ግን እንዲያ ብለው አይነግሯችሁም። ዓምዱ በሳይንሱ ቃል ከተጻፈ ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጣችሁ መተርጎም ይጠበቅባችኋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ቅሬታው በአንድ ዓምድ፣ የሳይንሱ ስም በሚቀጥለው።

የሪፋምፒሲንን ረድፍ አንድ ነገር ልጨምርበት፤ ምክንያቱም ማስታወሻ ቃሉ እዚህ ላይ ሊያታልል ይችላል። ፋንታ የምትለው ቃል ደስ ስለምትል ተማሪው ስለ ሪፋምፒሲን ሲጠየቅ ስለ ሽንት ቀለም ብቻ ይናገራል። የሽንቱ ቀለም ግን ጉዳት የሌለው ነገር ነው፤ ሕመምተኛው እንዳይደነግጥ አስቀድሞ መንገር ይበቃል። ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ሪፋምፒሲን በጉበት ውስጥ ያሉትን መድኃኒት የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች ያበረታል፤ ስለዚህ ሌሎች መድኃኒቶች ቶሎ ተሰባብረው ኃይላቸው ያንሳል። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው የሚወስደው ዶሉቴግራቪር በቀን አንድ ጊዜ 50 ሚሊ ግራም የነበረው ከሪፋምፒሲን ጋር ሲሆን በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል። የሚዋጠውም ሆነ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሴትዮዋ ካልተነገራት ሳታስበው ታረግዛለች። ይህ ከሽንት ቀለም ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም። ለዚህም ነው «ከሌላ መድኃኒት ጋር ምን ያደርጋል?» የሚል ስድስተኛ ዓምድ በየራሳችሁ ሰንጠረዥ ላይ እንድትጨምሩ የምጠይቃችሁ። ለዚያ ዓምድ የሚያስፈልገው ልዩነት አንድ ነው፤ ሪፋምፒሲን ኢንዛይሞቹን ያነሣሣል፣ አይሶኒያዚድ ግን አንዳንዶቹን ያፍናል። ተቃራኒ ናቸው። ፌኒቶይን የሚወስድ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አይሶኒያዚድ ሲጀምር የፌኒቶይኑ መጠን በደሙ ሊጨምር ይችላል።

አሁን ወደ ዘጌዋ እናት እንመለስና ሰንጠረዡን እንሞክረው። «ቀዩን ቡና ከአረንጓዴው መለየት አቃተኝ» አሉ። በሁለተኛው ዓምድ ወደ ታች ስትወርዱ አራተኛው ረድፍ ላይ ትቆማላችሁ፤ ኢታምቡቶል። እዚህ ላይ አብዛኛው ተማሪ ይጨርሳል፤ ፈተናው ምርጫ ከሆነ ነጥቡን አግኝቷል። ክሊኒክ ውስጥ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው።

መጠኑን እንይ። መድኃኒቶቹ አራቱም በአንድ ፍሬ ተዋሕደው ነው የሚሰጡት፤ በአንዱ ፍሬ ውስጥ 150 ሚሊ ግራም ሪፋምፒሲን፣ 75 አይሶኒያዚድ፣ 400 ፓይራዚናማይድ እና 275 ኢታምቡቶል አለ። 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በቀን ሦስት ፍሬ ይወስዳል። ኢታምቡቶሉ 825 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ለ50 ሲካፈል በኪሎ 16 ተኩል። የሚጠበቀው በኪሎ 15 አካባቢ ነውና መጠኑ በዝቶባቸው አይደለም። ታዲያ ለምን ተጎዱ? መዝገባቸው ላይ የኩላሊት ድካም ተጽፏል። ኢታምቡቶል በአብዛኛው የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ኩላሊት ከደከመ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ጉዳቱ ደግሞ ከመጠን ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ «በየት ይወጣል?» የሚል ዓምድ የጨመረ ተማሪ ይህን ወዲያው ያያል፤ የኩላሊት ቃል ከኢታምቡቶል ረድፍ ጋር ተጽፎ ያገኘዋል።

ቀጥሎ የሚደረገው ግልጽ ነው። ኢታምቡቶል ወዲያው ይቆማል። ፍሬው አራቱንም ስለያዘ አንዱን ብቻ ነጥሎ ማቆም የሚቻለው ወደ ሌላ ቅንብር በመቀየር ነውና ተማሪው ለብቻው የሚወስነው አይደለም፤ ለኃላፊው ሐኪም ይነገራል። የማየት አቅማቸው በፊደል ገበታ፣ የቀለም መለየት አቅማቸው በቀለም መመርመሪያ ሰሌዳ በሁለቱም ዓይን ለየብቻ ይፈተናል፤ ወደ ዓይን ሐኪም ይላካሉ። ቶሎ ከተቆመ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ሁልጊዜ ግን አይመለስም። «እማማ፣ መድኃኒቱን ራስዎ ሁሉንም እንዳያቆሙ፤ የምናቆመው አንዱን ነው» ማለትን አትርሱ። ሰው ዓይኑን ፈርቶ ሁሉንም ከተወው የቲቢው ጀርም መድኃኒት ተላምዶ ይመለሳል።

ራሳችሁን የምትፈትኑትም በዚሁ አቅጣጫ ይሁን። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የቀኙን ዓምዶች በወረቀት ሸፍነው የመድኃኒቱን ስም እያዩ ጉዳቱን ይናገራሉ። ይህን ሁለት ጊዜ ካደረጋችሁ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ስሙን ሸፍናችሁ ቅሬታውን ብቻ እያያችሁ ስሙን ተናገሩ፤ ረድፎቹንም አቀያይሩ፤ አለበለዚያ የምታስታውሱት ቦታውን ነው እንጂ መድኃኒቱን አይደለም። አንድ ጓደኛችሁ እንደ ሕመምተኛ ሆኖ በተራ ሰው ቋንቋ ቅሬታውን ይንገራችሁ። ጓደኛችሁ «እግሬ» ሲል ደነዘዘ ይሁን አመመ ሳትጠይቁ ከመለሳችሁ ተሳስታችኋል፤ ምክንያቱም አይሶኒያዚድም ፓይራዚናማይድም እግር ላይ ይወርዳሉ። እዚህ ላይ ሰንጠረዡ የሚያስተምራችሁ መልስ ሳይሆን ቀጣዩን ጥያቄ ነው፦ «ይደነዝዛል ወይስ መገጣጠሚያው ያማል?»

ጥያቄ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር። ሁሉንም ማስታወሻ ቃል ወደ አማርኛ እናምጣ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። አንዳንዱ በድምፅ ላይ የቆመ ነው፤ እሱ ይመጣል። አንዳንዱ ግን በላቲን ፊደል አደራደር ላይ የቆመ ነው። ለምሳሌ የቤታ ማገጃዎችን ውሰዱ። በላቲን ፊደል ተራ ከመጀመሪያው እስከ ኤም ባለው የሚጀምሩት፣ እንደ አቴኖሎል፣ ቢሶፕሮሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉት፣ ልብ ላይ የሚያተኩሩ ናቸው፤ ከኤን ጀምሮ ያሉት፣ እንደ ፕሮፕራኖሎልና ቲሞሎል ያሉት፣ ሳንባንም ይነካሉ። በእኛ ፊደል ተራ ግን መ ከአ ይቀድማልና ይህ ሕግ ይፈርሳል። ይህንን በላቲኑ እንዳለ ያዙት። ያዙት ስል ደግሞ ሁለቱን የሚያፈርሱትን አብራችሁ ያዙ፦ ካርቬዲሎልና ላቤታሎል። በፊደል ተራ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ በሥራ ግን ልብ ላይ ብቻ አያተኩሩም፣ አልፋንም ያግዳሉ። ሕጉን ብቻ የያዘ ተማሪ አስም ላለበት ሰው ካርቬዲሎልን ደህና ነው ብሎ ያዝዛል። ሕግ የሚያፈርሰው ነገር በሰንጠረዡ ግርጌ ሳይሆን ሕጉ በተጻፈበት በዚያው መስመር ላይ መጻፍ አለበት፤ ግርጌ ያለውን ማንም አያነብም።

የመጨረሻው ጉዳይ ቁጥር ነው። ለመጠንና ለጊዜ ማስታወሻ ቃል አትሥሩ። ማስታወሻ ቃል አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ቁጥር ግን ይለወጣል። በአገራችን ቀድሞ ከሁለት ወር በኋላ ለስድስት ወር አይሶኒያዚድና ኢታምቡቶል ይሰጥ ነበር። ያን በዜማ የያዘ ሰው ዛሬ ካርዱ ላይ የሚያነበው ሌላ ነው፤ ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ ለአራት ወር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው መመሪያ ከባድ ያልሆነ ቲቢ ላለባቸው ሕፃናትና ታዳጊዎች ጠቅላላው ጊዜ አራት ወር እንዲሆን መክሯል። ስለዚህ መጠኑንና ወራቱን በሰንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ ውስጥ በእርሳስ ጻፉ፤ አጠገቡ ከየትኛው መመሪያና ከየትኛው ዓመት እንደወሰዳችሁት አስፍሩ። አዲስ መመሪያ ሲመጣ እሱን ብቻ ታጠፋላችሁ፤ ፋንታው፣ ደነዘዘው፣ መራመዱና ተምታታብኝ ባሉበት ይቆያሉ።

አሁን ወረቀት አውጡ። የሚቀጥለው ምዕራፋችሁ የወባ መድኃኒቶች መሆኑን ነግራችሁኛል፤ የጋራውን ከላይ በአንድ መስመር በመጻፍ እንጀምር።